ደርሶ ያልተከፈተ መልእክት

ዋትስአፕ ላይ መልእክት ሲመጣ በጽሑፉ ፋንታ «Waiting for this message. This may take a while.» የሚል ፈዘዝ ያለ መስመር የሚታይበት ጊዜ አለ። መልእክቱን ጠብቁ፣ ሊቆይ ይችላል ይላል፤ ለምን እንደሚቆይ ግን አይናገርም። ብዙዎቻችን ወዲያው የምንጠረጥረው ኔትወርኩን ነው። ዳታ አጥፍተን እናበራለን፣ ስልኩን ይዘን ወደ መስኮት እንጠጋለን፣ ከዚያም ቴሌን እናማለን። የሌሎች ሰዎች መልእክት ግን በዚያው ሰዓት ያለ ችግር እየገባ ነው። እዚህ ላይ ቴሌ ከደሙ ንጹህ ነው፤ መልእክቱ ስልካችን ደርሷል። ያልተገኘው መክፈቻው ነው።

ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም ውይይት ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ በምስጠራ ይቆልፋል። ዘዴው ትሬቨር ፔሪንና ሞክሲ ማርሊንስፓይክ የቀየሱት የሲግናል ፕሮቶኮል ነው። መተግበሪያውን ስንጭን ስልካችን ጥንድ ጥንድ ቁልፎችን ይፈጥራል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ምስጢር ሆኖ ስልኩ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላኛው ለማንም ቢታይ ጉዳት ስለሌለው ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን እንደ ክፍት ጓጉንቸር ቁጠሩት። ሊጽፍልን የፈለገ ሰው አንዱን ወስዶ መልእክቱን ይቆልፍበታል፤ መክፈቻው ግን እኛ ዘንድ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ራሱ የሚያመላልሰውን መልእክት መክፈት አይችልም።

ሁለት ስልኮች አንዴ ከተገናኙ በኋላ ደግሞ ከዚያ መነሻ ተነስተው ለእያንዳንዱ መልእክት አዲስ ቁልፍ ያወጣሉ፤ የተጠቀሙበትንም ይጥሉታል። ዛሬ ስልኬ በሌባ እጅ ቢገባ ሌባው ከስልኩ በሚያገኘው ቁልፍ ትናንት በአየር ላይ የተጠለፈ መልእክት መፍታት አይችልም። ይህ ጥንቃቄ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሁለቱ ስልኮች እኩል መራመድ አለባቸው፤ አንደኛው የነበረበትን ከረሳ ሌላኛው የሚቆልፈውን መክፈት ያቅተዋል።

ስልክ የነበረበትን እንዴት ይረሳል? በጣም የተለመደውን አጋጣሚ እንውሰድ። ደሴ ያሉ አንዲት እናት ስልካቸው አስቸግሯቸው ቅዳሜ ለጥገና ሰጡ እንበል። ጠጋኙ ሙሉ በሙሉ አጽድቶ ዋትስአፕን እንደገና ጫነላቸው። ሜሪላንድ ያለች ልጃቸው ይህን አላወቀችም። የእናቷ ስልክ ገና ጥገና ቤት ሳለ፣ በእሷ አቆጣጠር ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ «እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብላ ጻፈችና ስልኳን አጥፍታ ተኛች። ደሴ ላይ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ሆኗል። መልእክቱ የተቆለፈው በእናትየዋ የድሮ ቁልፍ ነው፤ ስልካቸው ስላልተገኘም ሰርቨሩ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ያልደረሰ መልእክት እስከ 30 ቀን ድረስ እዚያ ይቆያል።

እናትየዋ ስልካቸውን ተቀብለው በ3 ሰዓት ሲከፍቱት ሰርቨሩ መልእክቱን አስረከበ። ስልኩ ግን አዲስ ቁልፎችን ፈጥሯል፤ የድሮዎቹ ሲጸዳ አብረው ጠፍተዋል። የቆየ ወሬያቸውንና ፎቶዎቻቸውን ከመጠባበቂያ ቅጂው መልሰው ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም፤ ቅጂው የሚመልሰው ያለፈውን ውይይት እንጂ የመክፈቻ ቁልፎቹን አይደለም። ስለዚህ ስልኩ መልእክቱን መክፈት እንዳቃተው አይቶ ያቺን የመጠበቂያ መስመር ያወጣል። እግረ መንገዱንም ባለቤቱ ሳያውቅ ለላኪዋ ስልክ «ይህን መክፈት አልቻልኩም፤ በአዲሱ ቁልፌ ቆልፈሽ ላኪልኝ» የሚል ጥያቄ ይሰድዳል።

ጥያቄው ሜሪላንድ ሲደርስ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ስልኩም ጠፍቷል። ጥበቃው ይህ ነው። የመልእክቱን ግልጽ ጽሑፍ የያዘው በዓለም ላይ ያ ጠፍቶ ያደረ ስልክ ብቻ ነውና ማንም ሊተካው አይችልም። ልጅቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስታበራው ስልኳ ጥያቄውን ይቀበላል፣ የእናቷን አዲስ ቁልፍ ከሰርቨሩ ይወስዳል፣ መልእክቱን እንደገና ቆልፎ ይልካል። ደሴ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መስመሯ ጠፍታ ጥያቄው በቦታው ይተካል። የደኅንነት ማሳወቂያዋን አብርታ ከሆነ ልጅቱ የእናቷ የደኅንነት ኮድ እንደተቀየረ የሚገልጽ መስመርም ታያለች።

ይህ በራስ ሰር ቆልፎ መላክ አንድ ጊዜ ትልቅ ክርክር አስነስቷል። በጥር 2017 የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን ይህን አሠራር የጓሮ በር ብሎ ጻፈ። የሥጋቱ መነሻ መሠረት የሌለው አልነበረም፦ ቁልፉ የተቀየረው የእውነት እናትየዋ ስልክ ስለጸዳ ነው ወይስ ሌላ ሰው በቁጥራቸው ስለተመዘገበ? ዋትስአፕ ላኪዋን ሳይጠይቅ ይልካል። ሲግናል ግን በዚያን ጊዜ መልእክቱን አቁሞ ላኪውን ያሳውቅ ነበር። በርካታ የደኅንነት ባለሙያዎች ዘገባው ሰዎችን አስፈራርቶ ደኅንነታቸው ወደባሰ መንገድ ይገፋል ብለው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጋዜጣውም በዚያው ዓመት ዘገባው ጉድለት እንደነበረበት አመነ። በእኔ አስተያየት የዋትስአፕ ምርጫ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ትክክል ነው። ምስጢሩ የሚያሳስበው ሰው ግን ማሳወቂያውን ያብራ፤ ኮዱ ተቀየረ ሲባልም ደውሎ ድምፅ ሰምቶ ያረጋግጥ።

በቡድን ውስጥ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የዕድር ቡድን ላይ የሁሉም ሰው መልእክት እየተነበበ የአንድ ሰው ብቻ በተከታታይ በመጠበቂያ መስመር የሚሞላው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ አባል ለቡድኑ የሚጽፍበት የራሱ ቁልፍ አለው፤ ያንንም መጀመሪያ ሲጽፍ ለአባላቱ ለየብቻ ያድላል። የእሱ ቁልፍ ለእናንተ ካልደረሰ ወይም ከጠፋ የእሱ ጽሑፍ ብቻ ይቆለፍባችኋል። ከኮምፒውተር ጋር ላገናኙትም ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ቁልፍ ስላለው መልእክቱ ስልኩ ላይ ተነቦ ኮምፒውተሩ ላይ ሊቆለፍ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ ይህን መስመር ለምን አናይም የሚል ይኖራል። የቴሌግራም ተራ ውይይቶች የተቀመጡት ኩባንያው ራሱ ሊከፍታቸው በሚችልበት መልክ ስለሆነ አዲስ ስልክ ላይ ወዲያው ይወርዳሉ። ምቾቱ የመጣው ከዚያ ነው። ከስልክ እስከ ስልክ የሚቆለፈው የቴሌግራም ምስጢራዊ ውይይት ግን ወደ አዲስ ስልክ አይሻገርም።

መስመሩን ስታዩ የሚሠራው መላ ቀላል ነው፦ ላኪው ስልኩን አብርቶ፣ ኢንተርኔት ከፍቶ ዋትስአፑን እንዲከፍት በሌላ መንገድ ንገሩት። ሁለታችሁም የቆየ የመተግበሪያ ስሪት ካላችሁ አድሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና ሲጭን ነው፤ ያኔ ስልኩ ሌላ አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል፣ በመንገድ ላይ ያሉ የሌሎች ሰዎች መልእክቶችም አብረው ሊቆለፉ ይችላሉ። የተቆለፈውን መልእክት እናሳያችሁ የሚሉ ድረ ገጾችንና መተግበሪያዎችን ደግሞ ራቋቸው። ዋትስአፕ ራሱ የሌለውን መክፈቻ እነሱ ከየት ያመጡታል? የሚፈልጉት ብዙውን ጊዜ በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁን የመመዝገቢያ ኮድ ነው።

ላኪው ስልኩን ከጣለ፣ ከሰበረ ወይም እሱም መተግበሪያውን ካጠፋ ግን ያ መልእክት እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። ያኔ ማድረግ የሚቻለው ደውሎ ምን ጽፎ እንደነበር መጠየቅ ነው።