ሠላሳ ሰከንድ ለአንድ የስልክ ቀዳዳ

የስልክ ጥገና ሱቆች በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለቋቸው ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ የሱቁ አርማ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ ሙዚቃ ይከተላል፤ ከዚያ «ማንኛውንም ዓይነት ስልክ በጥራትና በፍጥነት እንጠግናለን» ይባላል። ተመልካቹ ግን አርማው ተሽከርክሮ ሳይጨርስ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አልፏል። ሰው የሚያቆመው የራሱን ስልክ ችግር ሲያይ ነው። ስለዚህ የሠላሳ ሰከንድ ጽሑፍ ሥራ የሚጀምረው አንድ ብልሽት በመምረጥ ነው፤ ምርጫው ከተሳሳተ ቀሪውን ቀረጻም ሆነ ድምፅ አያድነውም።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት የተሰበረ ስክሪን ነው። ስብራቱ ለዓይን ይማርካል፤ ለማስታወቂያ ግን ይከብዳል። ዋጋው እንደ ስልኩ ሞዴልና እንደ ስክሪኑ ጥራት ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዋጋ መናገር አይቻልም። የተቀየረው ስክሪን ጥሩ ይሁን ርካሽ ደግሞ በቪዲዮ አይለይም። ውኃ የገባበት ስልክም አይሆንም፤ ይድናል ብሎ አስቀድሞ ቃል መግባት አይቻልምና። በሠላሳ ሰከንድ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ውጤቱም በዓይን የሚታይ ብልሽት «ቻርጅ አያደርግም» የሚባለው ነው።

ይህ ብልሽት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ገመዱ፣ ቻርጀሩ፣ ባትሪው ወይም ሰሌዳው ሊሆን ይችላል። አንዱ ምክንያት ግን ሰዎች የማይጠረጥሩት ነው፤ ከኪስና ከቦርሳ የሚገባ የጨርቅ ብናኝ። ገመዱ በተሰካ ቁጥር ብናኙን ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀ በቀዳዳው መጨረሻ ላይ እንደ ንጣፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ገመዱ እስከ መጨረሻው ስለማይገባ በጥቂቱ ይወዛወዛል፣ ጎበጥ ሲያደርጉት ይሠራል፣ ሲለቁት ያቆማል። ባለቤቱ ቻርጀሩ የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል።

መገናኛ አካባቢ ላለ ሱቅ ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል እንይ። በቅንፍ ያለው የሚታየው ነው፤ በትእምርተ ጥቅስ ያለው የሚነገረው።

0–3፦ (እጅ ገመዱን ወዲያና ወዲህ ያጎብጣል፤ የቻርጅ ምልክቱ ይመጣል፣ ይጠፋል።) «ገመዱን ካላጎበጡት ስልክዎ ቻርጅ አያደርግም?»

3–7፦ (ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቻርጀሮች።) «አዲስ ቻርጀር ገዙ፤ ያው ሆነ።»

7–12፦ (ቅርብ ምስል፤ በገመዱና በስልኩ መካከል ክፍተት ይታያል። መካከል ላይ የተሰካው መለኪያ 0.00 ያሳያል።) «ይዩት፤ ገመዱ እስከ መጨረሻው አልገባም። መለኪያውም ዜሮ ነው።»

12–18፦ (በማይክሮስኮፕ፤ ብናኙ ተጠቅልሎ ይወጣል። ሰዓት ከጎን ይታያል።) «የኪስ ብናኝ ነው። ስልኩን አጥፍተን በፕላስቲክ መልቀሚያ እናወጣዋለን።»

18–22፦ (ያው ገመድ ይሰካል፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይሰማል፤ ቁጥሩ ይወጣል።) «አሁን ገባ።»

22–30፦ (የባለሙያው ፊት፣ ከዚያ የሱቁ በር።) «ምርመራ ነፃ ነው። ብናኝ ብቻ ከሆነ እስከ ሰኔ 30 አናስከፍልም። ቀዳዳው ከተበላሸ ዋጋውን ሳንነግርዎ አንከፍተውም። መገናኛ፣ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ አንደኛ ፎቅ።»

የሚነገሩት ቃላት ሃምሳ ገደማ ናቸው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «አያደርግም» ብቻውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ከሃምሳ በእጅጉ ያለፈ ጽሑፍ የሚነበበው በጥድፊያ ነው፤ ጥድፊያ ደግሞ ሻጭ ሊያመልጥ የቸኮለ ያስመስላል። ልኩን ለማወቅ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሰከንድ ሆን ተብሎ ዝምታ የበዛው «ቀጭ» እንዲሰማና ቁጥሩ እንዲነበብ ነው። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ንግግሩ በጽሑፍም መውጣት አለበት፤ ግን በስክሪኑ መሐል። ታችኛውንና የቀኙን ጠርዝ የቲክቶክ ምልክቶች ይሸፍኑታል።

የማስታወቂያው ልብ ማሳያው ነው፤ የሚከሽፈውም እዚያ ነው። መለኪያው በቻርጀርና በስልክ መካከል የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ሲሆን የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን በአምፔር ያሳያል። ባትሪው ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ስልኩ ራሱ የሚቀበለውን ስለሚቀንስ ከጽዳቱ በኋላም ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ባትሪው ዝቅ ያለ ስልክ ይመረጣል። በፊትም በኋላም ገመዱና ቻርጀሩ አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆነ ቁጥሩን ያሳደገው ጽዳቱ ይሁን ሌላ ቻርጀር አይታወቅም፤ የነቃ ተመልካችም ይህን ያያል። ጽዳቱ ደቂቃዎች ስለሚወስድ ምስሉ መፍጠኑ አይቀርም፤ «ፈጥኖ የቀረበ» ብሎ መጻፍና ሰዓቱን ከጎን ማሳየት ጥርጣሬውን ያስወግዳል። በ50 ኸርዝ የሚሠራው የእኛ መብራት በአንዳንድ አምፖሎች ሥር ምስሉን ስለሚያርገበግበው የካሜራውን ፍጥነት በሰከንድ 25 ምስል ማድረግ ይረዳል።

መርፌ በፍጹም መታየት የለበትም። በዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ መሐል ቀጭን ምላስ አለ፤ መገናኛ ነጥቦቹ ያሉት እሷ ላይ ነው። ብረት ይቧጭራቸዋል ወይም ያጎብጣቸዋል። ቪዲዮውን አይቶ ቤቱ በመርፌ የጎረጎረ ሰው ሱቁን መውቀሱ አይቀርም።

የሚቀረጸው ስልክ የደንበኛ ከሆነ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ካሜራውም የስልኩን ታችኛ ክፍል ብቻ ያሳያል። ስክሪኑ ከበራ መልእክትና ስልክ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ንጹሕ ቀዳዳ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ ማውጣት ግን ማታለል ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

የመጨረሻው ክፍል «ቅናሽ አለ» የማይለው ሰው ጥገና ቤት ሲገባ የሚፈራው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። የሚፈራው ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ዋጋው ከፍ እንዳይል ወይም ደህናው ዕቃ እንዳይለወጥበት ነው። «ሳንነግርዎ አንከፍተውም» የሚለው ቃል ይህን ፍርሃት ይመልሳል፤ ሱቁንም አያከስርም። ነፃው ጽዳት ግን የባለሙያ ሰዓት ይበላል፤ የማብቂያ ቀን የተቀመጠለት ለዚህ ነው። በተጨማሪም ብናኙ ወጥቶ ስልኩ አሁንም ቻርጅ ካላደረገ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ መሆኑን ደንበኛው ራሱ አይቷልና ስለ ቀጣዩ ጥገና መነጋገር ይቀላል።

ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ሁለት ነገር ይታያል። ሰዎች በሦስተኛው ሰከንድ ከሸሹ የሚለወጠው መክፈቻው ነው። እስከ መጨረሻው አይተው ካልመጡ ስጦታው አላሳመናቸውም ወይም አድራሻው አልገባቸውም። የመጡትን ደግሞ በር ላይ «የትኛውን አይተው መጡ?» ብሎ መጠየቅና በደብተር መያዝ ነው። በነፃ ከተጸዳላቸው ስንቶቹ ለሌላ ጥገና እንደተመለሱ ከደብተሩ ከተገኘ፣ ስጦታው ከሰኔ 30 በኋላ ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚለው በሒሳብ ይወሰናል።