የምድጃው ላሜራ ስንት ዋት ይወስዳል?

ከጠዋት ጀምሮ ሲጋግር የዋለ የዳቦ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ጎኑን ቢነኩት እጅ አያስቆይም። ከላሜራው በስተጀርባ የሙቀት መከላከያ ቢኖርም፣ መከላከያው ሲያረጅ ወይም ሲሳሳ የውጪው ገጽ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ ቆጣሪው ላይ የሚያየው ኪሎዋት ከፊሉ ዳቦ አይጋግርም፤ ክፍሉን ያሞቃል። ምን ያህሉ? ይህን ምድጃውን ሳይፈቱ፣ በአንድ ቴርሞሜትርና በአንድ ካልኩሌተር መገመት ይቻላል።

መጀመሪያ አየሩን እንይ። ላሜራውን የነካው አየር ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ይቀላል። ከጎኑ ያለው ቀዝቃዛና ከባድ አየር ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ማራገቢያ የለም፤ ፍሰቱን የሚነዳው የክብደት ልዩነቱ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ላሜራ ላይ ይህ የሞቀ አየር ሽፋን ከታች አካባቢ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ወደ ላይ ሲወጣ እየወፈረ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። የሚጤስ የእጣን ዘንግ ከላሜራው ግርጌ ጠጋ አድርጎ ለያዘ ሰው ጭሱ ነገሩን ያሳየዋል፦ ከታች ቀጥ ብሎ ገጹን ታክኮ ይወጣል፣ ከላይ ጫፍ አካባቢ መወላወልና መጠቅለል ይጀምራል። ይህ መወላወል ለሂሳቡ ትርጉም አለው። የተናወጠ አየር ሙቀትን ከገጹ ነጥቆ የሚወስደው ረጋ ብሎ ከሚወጣው በበለጠ ነው።

አየሩ ረግቶ ይወጣል ወይስ ይናወጣል የሚለውን የሚለካው የሬይሊ ቁጥር ነው። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ከሎርድ ሬይሊ ነው። ቁጥሩ ሁለት ወገኖችን ያፋጥጣል። በአንድ በኩል አየሩን ወደ ላይ የሚገፋው አለ፦ የምድር ስበት፣ የሙቀት ልዩነቱና የገጹ ቁመት። በሌላ በኩል የሚይዘው አለ፦ አየሩ እርስ በርሱ የሚፈጥረው ሰበቃና፣ ሙቀቱ ወደ ጎን እየተሰራጨ ልዩነቱን የሚያደበዝዝበት ፍጥነት።

```
Ra = g·β·ΔT·L³ / (ν·α)
```

g የምድር ስበት፣ ΔT በገጹና በክፍሉ አየር መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት፣ L ቁመቱ ነው። β ለአየር አንድን በኬልቪን በተለካው የሙቀት መጠን ማካፈል ብቻ ነው። ν ሰበቃውን፣ α የሙቀቱን ስርጭት ይወክላሉ። አሃዶቹ እርስ በርስ ተጣፍተው ባዶ ቁጥር ይቀራል። ቁጥሩ ከአንድ ቢሊዮን አካባቢ ሲያልፍ በቋሚ ገጽ ላይ የሚወጣው አየር መናወጥ ይጀምራል።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ምድጃ እንውሰድ። ጎኑ 1 ሜትር ቁመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት አለው። ላሜራው 70፣ ክፍሉ 30 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ 40። የአየሩ ጠባይ የሚነበበው በሁለቱ አማካይ በ50 ዲግሪ፣ ማለትም በ323 ኬልቪን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስበው ይሳሳታል። በመማሪያ መጻሕፍት ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ነው። በ2,400 ሜትር አካባቢ ግን የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። አየሩ ስለሳሳ ν እና α ሁለቱም በአንድ ሦስተኛ ያድጋሉ። እነሱ ደግሞ የሚያካፍሉት ተባዝተው ነው፤ ስለዚህ የሬይሊ ቁጥር ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ 2.65 ቢሊዮን የሚሆነው አዲስ አበባ ላይ 1.49 ቢሊዮን ይሆናል።

ይህን ቁጥር ወደ ዋት የሚቀይር ቀመር ያስፈልጋል። ቸርችልና ቹ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 እ.ኤ.አ. የብዙ ሙከራዎችን ውጤት በአንድ መስመር አጠቃለው ያወጡት እስካሁን ያገለግላል። ለአየር ብቻ ሲሰላ እንዲህ ያጥራል፦

```
Nu = (0.825 + 0.324·Ra^(1/6))²
h  = Nu·k / L
```

Nu የኑሴልት ቁጥር ነው፤ የሚንቀሳቀሰው አየር ቆሞ ከቀረ አየር ስንት እጥፍ ሙቀት እንደሚወስድ ይናገራል። k የአየሩ ሙቀት አስተላላፊነት ሲሆን በ50 ዲግሪ 0.028 ገደማ ነው፤ ደግነቱ ከፍታ አይለውጠውም። ለእኛ ምድጃ Nu 139 ይወጣል፤ h ደግሞ 3.9፣ ማለትም እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በየአንዳንዷ ዲግሪ ልዩነት 3.9 ዋት ይለቃል። በ1.5 ካሬ ሜትርና በ40 ዲግሪ ሲባዛ 233 ዋት። ከፍታውን ረስቶ በሠንጠረዡ የሠራ ሰው 279 ዋት ያገኝ ነበር። ቀመሩ ራሱ አሥር ሃያ በመቶ ወዲህና ወዲያ ሊል ስለሚችል ‹‹ልዩነቱ እዚያው ውስጥ አይጠፋም ወይ?›› የሚል ይኖራል። ግን የቀመሩ ስህተት አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች ነው፤ የከፍታው ስህተት ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ነው።

233 ዋት ላይ ማቆም ግን የባሰ ስህተት ነው። ላሜራው አየሩን ከማሞቅ ሌላ በጨረር ወደ ክፍሉ ግድግዳዎች ሙቀት ይለቃል፤ ይህ ከአየር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ግድግዳዎቹም 30 ዲግሪ ናቸው ብንል፣ ተራ ቀለም የተቀባ ላሜራ በዚህ መንገድ 414 ዋት ያህል ያወጣል። ከአየሩ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው! ጠቅላላው 650 ዋት ገደማ ይሆናል፤ በአሥር ሰዓት 6.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ያውም ከአንድ ጎን ብቻ። ገጹ የተወለወለ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ጨረሩ ወደ 46 ዋት ይወርዳል፤ አየሩ የሚወስደው ያው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ክፍሉ ውስጥ አየር ከረጋ ነው። በሩ ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በእኛ ቁጥሮች በሴኮንድ 1.1 ሜትር የሚሄድ ነፋስ፣ ማለትም ፊት ላይ ገና በቅጡ የማይታወቅ ሽውታ፣ ከራሱ ከላሜራው ግፊት ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ የሬይሊ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ እውነተኛው ብክነት ከሂሳቡ ይበልጣል። የእጣኑ ጭስ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ጎን ከተሳበ ይህን ቀመር ትቶ የነፋስን ቀመር መያዝ ነው።

ሌላው ወጥመድ ያለው ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሰል መሣሪያ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ሲነጣጠር የሚያነበው በአብዛኛው የክፍሉን ነጸብራቅ ነው፤ 70 ዲግሪ የሆነውን 35 ሊለው ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ላሜራው ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና ፕላስተሩን መለካት።

ታዲያ ጎኑን በአሉሚኒየም ብንሸፍነው የጨረሩን 370 ዋት ያህል እናድናለን ማለት ነው? አይደለም። ሙቀቱ የሚወጣበት አንድ መንገድ ሲዘጋ ላሜራው ከ70 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በአየሩ በኩል የሚወጣውም አብሮ ይጨምራል። የሚድነው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ከላሜራው በስተጀርባ ያለው መከላከያ ውፍረት ነው፤ ስለዚህ ከሸፈኑ በኋላ ፕላስተሩን እንደገና ለጥፎ አዲሱን ዲግሪ ማንበብና ሂሳቡን ከመጀመሪያው መሥራት ግድ ነው።