«የቤት በጀት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣ ሰው ጽሑፉ የሚገኝበትን ዋና ቁልፍ ቃል መምረጥ አለበት። ብዙዎች ቶሎ የሚያነሡት «በጀት» የሚለውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚጽፈው እሱን ነውና። ችግሩ ግን ይህን አንድ ቃል ጎግል ላይ ከጻፈው ሰው ፍላጎቱን ማወቅ አለመቻሉ ነው። ሰኔ ላይ ከሆነ ሐምሌ 1 ስለሚጀምረው የመንግሥት በጀት ዓመት ዜና እየፈለገ ይሆናል። የሒሳብ ተማሪም ሊሆን ይችላል። ደመወዟ ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅባት እናት ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ከቃሉ በፊት የፈላጊው ዓላማ ይታያል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አንድሬ ብሮደር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ፍለጋዎችን በሦስት ከፍሏቸው ነበር። አንዱ ማወቅ ይፈልጋል፣ ሌላው ስሙን ወደሚያውቀው ድረ ገጽ መድረስ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ መግዛት ወይም ፋይል ማውረድ። ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራል። በቤት በጀት ጉዳይ ሰዎች የሚሳሳቱት በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ጸሐፊ በወር 15,000 ብር የሚያገኝ ቤተሰብ ገንዘቡን እንዴት እንደሚደለድል የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅታለች እንበል። ለቤት ኪራይ 5,000፣ ለአስቤዛ 5,500፣ ለትራንስፖርት 1,500፣ ለትምህርት ቤት 1,200፣ ለዕቁብ 1,000፣ ለድንገተኛ 800 መድባለች። ለዋና ቁልፍ ቃልነት ሦስት ሐረጎች ቀርበውላታል፦ «የቤት በጀት»፣ «የወጪ መመዝገቢያ ኤክሴል» እና «የቤት በጀት እንዴት ይወጣል»።

«የወጪ መመዝገቢያ ኤክሴል» ብሎ የጻፈው ሰው ማብራሪያ አልጠየቀም፤ አውርዶ የሚሞላው ሠንጠረዥ ነው የፈለገው። ጽሑፏን ከፍቶ ፋይል ካጣ ተመልሶ ይወጣል፤ ምንም ያህል ጥሩ ብትጽፍ አትይዘውም። «የቤት በጀት» ለጽሑፏ ቅርብ ነው፣ ግን ትርጉሙን፣ ናሙናውንም ሆነ መተግበሪያ የሚፈልገውን ሁሉ ይሰበስባል። «የቤት በጀት እንዴት ይወጣል» የሚለው ፈላጊዎቹ ቢያንሱም፣ የሚጠይቁት እሷ የመለሰችውን ነው። እኔ ብሆን ይህን ነው የምመርጠው።

ምርጫው በግምት ብቻ መቅረት የለበትም። ሐረጉን ከራስ አካውንት ውጭ በሆነ የግል መስኮት ጎግል ላይ ጽፎ የመጀመሪያውን ገጽ ማየት ነው። የሚመጡት የማብራሪያ ጽሑፎች ከሆኑ ማብራሪያ ይፈለጋል ማለት ነው። ሠንጠረዥና መተግበሪያ ከበዛ ሰዎች መሣሪያ እየፈለጉ ነው። ይህ መንገድ ግን በአማርኛ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። በእንግሊዝኛ ብዙ ገጽ ስላለ ጎግል ሰዎች የወደዱትን መርጦ ወደ ላይ ያወጣል። በአማርኛ ግን ስለ ጉዳዩ የተጻፈው ጥቂት ሲሆን ከላይ የሚታየው የተፈለገው ሳይሆን የተገኘው ይሆናል። ስለዚህ ሐረጉን መጻፍ ሲጀምሩ ጎግል ራሱ የሚያሟላቸውን ቃላት መመልከት፣ ዘመድና ጎረቤት ይህን ጉዳይ ሲጠይቁ በምን ቃል እንደሚጠይቁም ማዳመጥ ይጠቅማል። ቃሉ «በጀት» ሳይሆን «ወጪ አያያዝ» ሆኖ ሊገኝም ይችላል።

ሐረጉ ከተመረጠ በኋላ በርዕሱና በመጀመሪያው አንቀጽ በግልጽ ይግባ፤ ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ እንደ ወጉ ይሂድ። አንዳንዱ «ወጪ»፣ ሌላው «ወጭ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱንም በየመስመሩ መደርደር አንባቢን ያሰለቻልና አንዱን ይዞ መዝለቅ ይሻላል።

ምርጫው መሳካቱ ጽሑፉ ከወጣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ይታያል። ነጻ የሆነው የጎግል መሣሪያ Google Search Console ሰዎች ምን ጽፈው ገጹ እንደታያቸውና ስንቶቹ እንደከፈቱት ያሳያል። ጥቂት ሰው ብቻ የጻፋቸውን ሐረጎች ግን ለግል ምስጢር ሲል ይደብቃል። ገጹ ከላይ እየታየ የሚከፍተው ሰው ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ርዕሱን መጠራጠር ነው፤ ለጠያቂው መልሱ እዚህ እንዳለ አልነገረው ይሆናል። ከሐረጎቹ መካከል «ኤክሴል» ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ ጸሐፊዋ ያንን ቃል በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ መሰግሰግ የለባትም። ሠንጠረዡን አዘጋጅታ የራሱ ገጽ ትስጠው፤ ከማብራሪያውም ወደዚያ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ ታስገባ።