ስድስተኛው ቤትና ጌታው፦ ኮከብ ቆጣሪ የዕለት ሥራንና ሕመምን የሚያነብበት ቦታ

በአገራችን ኮከብ ማስቆጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የራስን ስምና የእናትን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ ድምሩን በ12 ገድፎ፣ ቀሪው የሚያመለክተውን ኮከብ ማየትን ነው። በዚህ ስሌት የተወለዱበት ሰዓት አይጠየቅም። ከጥንት ግሪኮች ተነሥቶ በዐረቦች እጅ አልፎ አውሮፓ የደረሰው ኮከብ ቆጠራ ግን ያለ ሰዓት አይሠራም። ኮከቦቹ አንድ ናቸው፤ እኛ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያልን የምንጠራቸው ዐሥራ ሁለቱ እዚያም አሉ። ልዩነቱ ያኛው በኮከቦቹ ላይ ዐሥራ ሁለት “ቤቶች” መጨመሩ ነው። ከእነዚህ መካከል ስድስተኛው የሰው የዕለት ተዕለት ሥራ፣ ልማዱና ለየትኛው ሕመም እንደሚቀርብ የሚነበብበት ነው ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ በተወለደበት ቅጽበት በምሥራቅ አድማስ ብቅ እያለ የነበረው ኮከብ አንደኛ ቤት ይሆናል፤ የሰውየውን አካልና ማንነት ይወክላል። ከእርሱ ጀምሮ በኮከቦቹ ተራ ሲቆጠር ስድስተኛው ላይ የሚውለው ስድስተኛ ቤት ነው። በምሥራቅ ሸርጣን እየወጣ ከነበረ፣ አሰድ ሁለተኛ፣ ሰንቡላ ሦስተኛ፣ ሚዛን አራተኛ፣ ዓቅራብ አምስተኛ፣ ቀውስ ስድስተኛ ይሆናል። እያንዳንዱ ኮከብ ደግሞ የሚያስተዳድረው ጌታ አለው። የሐመልና የዓቅራብ ጌታ ማርስ ነው፤ የሠውርና የሚዛን ቬነስ፤ የገውዝና የሰንቡላ ሜርኩሪ፤ የቀውስና የሑት ጁፒተር፤ የጀዲና የደለዊ ሳተርን። ሸርጣንን ጨረቃ፣ አሰድን ፀሐይ ትገዛለች። ስለዚህ ሸርጣን ወጥቶለት የተወለደ ሰው የስድስተኛ ቤቱ ጌታ ጁፒተር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለአብነት አንዲት ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ተወለደች እንበል። ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። የኮከብ ቆጠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ 3:00 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ልጅቷን ገና ሳይነጋ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አስወለዳት ማለት ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ኮከብ በአድማስ ላይ ወጥቶ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ የስድስት ሰዓቱ ስሕተት ሁሉንም ቤት በሦስት ኮከብ ገደማ ያዛንፋል። ሸርጣን የነበረው ሐመል ይሆናል፤ ስድስተኛው ቤት ከቀውስ ወደ ሰንቡላ ይዞራል፤ ጌታውም ከጁፒተር ወደ ሜርኩሪ ይለወጣል። ንባቡ የሌላ ሰው ንባብ ሆነ ማለት ነው። ስሕተቱን ማወቂያው ግን ቀላል ነው፤ ፀሐይን መፈለግ ይበቃል። በቀን የተወለደ ሰው ሥዕል ላይ ፀሐይ ከአድማሱ መስመር በላይ መሆን አለባት። ከመስመሩ በታች ከተገኘች ሰዓቱ ተሳስቷል። የኢትዮጵያን ቀንና ዓመተ ምሕረት ሳይለውጡ ማስገባት ደግሞ ከዚህም የባሰ ጥፋት ነው።

የጥንቶቹ ኮከብ ቆጣሪዎች ይህን ቤት አይወዱትም ነበር። ግሪኮቹ የሰጡት ስም “ክፉ ዕድል” የሚል ነው። ምክንያታቸው ከማዕዘን ስሌት የመጣ ነበር። በእነርሱ ሥርዓት አንድ ቤት ሌላውን “የሚያየው” በ60፣ በ90፣ በ120 ወይም በ180 ዲግሪ ሲራራቁ ነው። ስድስተኛው ከአንደኛው የሚርቀው 150 ዲግሪ በመሆኑ ሁለቱ አይተያዩም። አንደኛው ቤት የሰውየው አካል ነውና፣ ስድስተኛው ማለት አካል ሳያየውና ሳያዝዘው የሚመጣበት ነገር ሁሉ ነው። ሕመም እንዲህ ይመጣል፤ በሰው ትእዛዝ የሚሠራ ሥራም እንዲሁ። በዘመናቸው ሌት ተቀን የሚደክመው ባሪያው ስለነበር፣ ባርነትና ሕመም በአንድ ቤት አብረው ገቡ። የዕለት ሥራና ጤና እስከ ዛሬ ያልተለያዩት ከዚያ ጀምሮ ነው፤ እኔም ከሥርዓቱ ሁሉ በጣም የማከብረው ይህንን ማዛመድ ነው። በየቀኑ የሚደጋገም ድካም አካል ላይ እንደሚከማች ለማወቅ ኮከብ ማየት ባያስፈልግም፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ ግን አስተውሎት ነው።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊሊ በ1647 ባሳተመው “ክርስቲያን አስትሮሎጂ” በተባለው መጽሐፉ ለዚህ ቤት ከሰጣቸው ነገሮች መካከል ሕመም፣ አሽከሮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ በግና ፍየልን የመሳሰሉ ትንንሽ ከብቶች፣ እንዲሁም የአባት ወንድሞች ይገኙበታል። ከሰውነት ክፍል ደግሞ የታችኛውን ሆድና አንጀትን ሰጥቶታል። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የተጠያቂው የራሱ ሥራ የለም። ቤቱ የሚናገረው ለእርሱ ስለሚሠሩለት ሰዎች ነው። አሽከር ማሳደር እየቀረ፣ ብዙው ሰውም ደመወዝተኛ እየሆነ ሲመጣ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ኮከብ ቆጣሪዎች ትርጉሙን አዞሩት። ዛሬ በመጻሕፍት ላይ ስድስተኛ ቤት ሲባል የራስ የሥራ ልማድ፣ የቀን ውሎ፣ አመጋገብና ጤና አጠባበቅ ማለት ሆኗል። ይህ አዲስ ንባብ መሆኑን ሳይነግር ከጥንት የወረደ ነው የሚል ጸሐፊ ካጋጠማችሁ፣ የጥንቶቹን አላነበበም ማለት ነው።

ወደ ንባቡ እንግባ። ኮከብ ቆጣሪው መጀመሪያ በቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ፕላኔት መኖር አለመኖሩን ያያል። ብዙውን ጊዜ ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ መሆኑ ሥራም ሕመምም የለም ማለት አይደለም። ቀጥሎ ጌታውን ይከተላል፤ ትልቁ ሥራም ይኸው ነው። ጌታው የቤቱን ጉዳይ ተሸክሞ ወደ ሄደበት ቤት ይወስደዋል ይባላል። ጌታው አራተኛ ቤት ከገባ ሥራው ከቤትና ከወላጅ ጋር፣ ዐሥረኛ ከገባ ከሹመትና ከስም ጋር ይያያዛል። የጌታው ጠባይ ደግሞ የአሠራሩን መልክ ይሰጣል፦ ሳተርን በሰዓትና በሥርዓት፣ ማርስ በችኮላና በጉልበት፣ ሜርኩሪ ብዙ ትንንሽ ነገር በአንድ ጊዜ በመያዝ ይሠራል።

የልደት ሰዓቱ በመዝገብ ላይ የሰፈረለትን ሰው እንውሰድ። አልበርት አንስታይን በጀርመን ኡልም ከተማ መጋቢት 14 ቀን 1879 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ረፋድ ላይ በእኛ 5 ሰዓት ተኩል ተወለደ። በምሥራቅ የሚወጣው ሸርጣን ስለነበረ ስድስተኛ ቤቱ ቀውስ ነው። በቤቱ ውስጥ ጨረቃ አለች። ጨረቃ ደግሞ የሸርጣን ጌታ በመሆኗ የራሱን የአንስታይንን አካል ትወክላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ “ይህ ሰው ራሱ በሥራና በሕመም ቤት ውስጥ ተቀምጧል” የሚል ይሆናል። የቤቱ ጌታ ጁፒተር ደለዊ ላይ ይገኛል፤ ከሸርጣን ሲቆጠር ስምንተኛ ቤት መሆኑ ነው። በዘመናችን አነባበብ ስምንተኛ ቤት የሌሎች ሰዎች ሀብት ነው።

አሁን ከሕይወቱ ጋር እናስተያየው። አንስታይን ከ1902 እስከ 1909 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ሌሎች ሰዎች ፈጠርን ብለው ያቀረቡትን መሣሪያ ይመረምር ነበር። በ1905 ዓለምን ያስገረሙትን ጽሑፎች ያወጣው በዚሁ የቢሮ ውሎ ላይ ሆኖ ነው። በ1917 ደግሞ ክፉኛ ታመመ፤ ጉበቱንና ጨጓራውን ያሠቃየው ነበር። በጥንቱ የኮከብ ሕክምና ጨጓራ የጨረቃ፣ ጉበት የጁፒተር ናቸው። ኮከብ ቆጣሪ ይህን ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ቤቶቹን በሌላ መንገድ የሚከፍሉ ኮከብ ቆጣሪዎች አሉ። ፕላሲደስ በሚባለው አከፋፈል ጨረቃ እዚያው ስድስተኛ ላይ ስትቀር፣ ጁፒተር ግን ወደ ዘጠነኛ ቤት ይሻገራል። ዘጠነኛ ቤት የሩቅ አገር፣ የዕውቀትና የሕግ ቤት ነው። ጀርመን ተወልዶ በስዊዘርላንድ በሳይንስና በሕግ መካከል ለሚሠራ የፓተንት መርማሪ ይህም ልክ ይመጣል! ሁለት የተለያዩ መልሶች ሁለቱም ትክክል ሆነው ሲገኙ፣ ጥርጣሬው መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ጁፒተር ሦስተኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ስለ ጽሑፎቹ፣ ዐሥረኛ ቢሆን ስለ ዝናው እናወራ ነበር። የሰውየውን ታሪክ አስቀድሞ ያወቀ አንባቢ ከየትኛውም ቤት የሚስማማውን ይመዝዛል።

ይህን ለማጣራት ሾን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ያካሄደው ፈተና በ1985 “ኔቸር” በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሥዕል ተቀብለው፣ ከቀረቡላቸው ሦስት የጠባይ መግለጫዎች የባለቤቱን እንዲለዩ ተጠየቁ። ቢያንስ ግማሹን እንለያለን ብለው ነበር፤ የለዩት አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። ይህም ዝም ብሎ በግምት ከሚገኘው አይበልጥም። እኔም ሥዕሉ ስለ ሰው ጤና ወይም ሥራ የተደበቀ ነገር ይነግረናል ብዬ አላምንም። ይጠቅማል የምለው በሚያነሣቸው ጥያቄዎች ነው። ቀኑን ሙሉ የምታገለግለው ማንን ነው? በውሎህ ውስጥ ሳታየው አካልህን የሚጎዳው ምንድን ነው? ጨዋ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ የሄደ ሰው እነዚህን ተጠይቆ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ምሳ ሰዓቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አስቦ ሊመለስ ይችላል።

ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው ቆጣሪውን መፈተን ከፈለገ ስሙንም ሙያውንም አስቀድሞ አይንገረው። የልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ብቻ ይስጠውና ስለ ስድስተኛው ቤት የሚለውን በጽሑፍ ይቀበል። “አንዳንዴ ሆድህን ያምሃል” የሚለው ለሁሉም ሰው ይሆናልና አይቆጠርም። በተለይ ሕመም ላይ ያለ ሰው ይጠንቀቅ። ስድስተኛ ቤትህ ንጹሕ ነው ተብሎ መድኃኒት ማቋረጥ፣ ወይም ክፉ ነው ተብሎ ምርመራ ሳያደርጉ ክታብ መግዛት ሕይወት ያስከፍላል። አንስታይንን በ1955 የገደለው በሆዱ ውስጥ ያለፈው ትልቁ የደም ሥር መፈንዳት ነው። የደም ሥሩ ማበጡን በ1948 ያወቁት ሆዱን የከፈቱት ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ።