የማን 10 ሰዓት?

«ነገ 10 ሰዓት እንገናኝ።» አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋሽንግተን ለምትኖር ባልደረባው ይህን ቢጽፍላት፣ መልእክቱ በሦስት መንገድ ይነበባል። እሱ ያሰበው ከቀኑ 10 ሰዓትን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 16:00ን ነው። እሷ ግን የለመደችው የፈረንጁን ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 10:00 ብላ ልትረዳው ትችላለች፤ የአዲስ አበባው 10:00 ይሁን የራሷ ደግሞ አታውቅም። ስለዚህ ተራርቆ የሚሠራ ቡድን በመጀመሪያ ሊስማማበት የሚገባው ነገር የሰዓት አጻጻፍ ነው። «16:00 አዲስ አበባ» ተብሎ ቁጥሩ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከከተማው ስም ጋር ከተጻፈ የሚሳሳት የለም።

ቀጣዩ ጥያቄ መቼ እንገናኝ የሚለው ነው። አምስት ሰዎች ያሉት የሶፍትዌር ቡድን እናስብ። ሁለቱ ቦሌ ካለው ቢሮ፣ አንዱ ሲኤምሲ ከሚገኘው ቤቱ፣ አንዱ ከፍራንክፈርት፣ አንዷ ከዋሽንግተን ይሠራሉ። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም። አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ትመልሳለች። የዋሽንግተኗ ጠዋት 9:00 ሥራ ስትጀምር፣ ሰዓቱ በተገፋባቸው ወራት አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ቢሮው 11:30 እስኪዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል አብረው ይሠራሉ። ከኖቬምበር በኋላ ግን እሷ ስትጀምር አዲስ አበባ 11 ሰዓት ይሞላል፤ የጋራ ጊዜያቸው ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ይህን ግማሽ ሰዓት የሥራ ሪፖርት እየተቀባበሉ መጨረስ ብክነት ነው። ሪፖርቱ ቀድሞ በጽሑፍ ይላክ፤ ስብሰባው ክርክር ለሚያስፈልገው ጉዳይ ይቆይ።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ደግሞ ካላንደሩ ውስጥ አለ። ተደጋጋሚ ስብሰባ ሲመዘገብ የአንድ ከተማ ሰዓት መልሕቅ ይሆናል። 16:30 አዲስ አበባ ተብሎ ከተመዘገበ ቢሮው ለውጥ አይሰማውም፤ የዋሽንግተኗ ግን በኖቬምበር ከ9:30 ወደ 8:30 ትገፋለች። 9:30 ዋሽንግተን ከተባለ ደግሞ የአዲስ አበባዎቹ ስብሰባ 17:30፣ ማለትም ልክ ወደ ታክሲ ሰልፍ በሚወጡበት 11:30 ላይ ያርፋል። አውሮፓ በበኩሏ ሰዓቷን የምትገፋው በማርች የመጨረሻ እሁድ ስለሆነ፣ በመሃል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የፍራንክፈርቱ ሰው ስብሰባ ከለመደው በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እንደኔ ከሆነ መልሕቁ ግማሽ ዓመት በአንዱ፣ ግማሽ ዓመት በሌላው ከተማ ቢሆን ይሻላል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚጎዳበት አሠራር ቅሬታ ያጠራቅማል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የእኛው ጨዋነት ነው። ሰላምታው ሳይመለስ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ይመስለናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «ሰላም፣ እንዴት ነሽ?» ብለን እንልካለን፤ ዋሽንግተን ሌሊት ነው። ማምሻውን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ነበር?» የሚል መልስ ሲመጣ እኛ ወጥተናል። ጥያቄውን በማግሥቱ እንጽፋለን፣ መልሱን የምናነበው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሰላምታውን መተው የለብንም፤ ጉዳዩን ከሰላምታው ጋር በአንድ መልእክት እንላከው እንጂ። ለምሳሌ፦ «ሰላም፣ እንዴት ነሽ? የክፍያው ገጽ ትናንት ከለወጥነው ወዲህ ደረሰኝ አያወጣም። ስሕተቱን የሚያሳየው ምስል ከሥር አለ። ወደ ድሮው ልመልሰው ወይስ ታስተካክዪዋለሽ? እስከ ነገ 10:00 አዲስ አበባ መልስ ካላገኘሁ እመልሰዋለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋ ትልቅ ነው፤ መልስ ቢዘገይም ሥራው አይቆምም። ሊታረም የማይችል ነገር ላይ ግን፣ ለምሳሌ የደንበኛ መረጃ ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲከፈል፣ ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠር አይገባም።

ቢሮ ያሉት ሁለቱ ቡና ላይ ሆነው ይወስናሉ። ሲኤምሲ ያለው ባልደረባቸው፣ ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ ሳለ፣ ውሳኔውን ከፍራንክፈርቱ ሰው እኩል ሳይሰማ ይቀራል። በቡና ሰዓት የተወሰነ ነገር በዚያው ቀን በቡድኑ ግሩፕ ካልተጻፈ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ደንቡ እየተሠራበት እንዳልሆነ የሚታወቀው «ይሄ መቼ ተወሰነ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ከእነዚያው ሰዎች ሲመጣ ነው። ከቤት የሚሠራው ደግሞ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥበት በስልክ አጭር መልእክት ያሳውቅ፤ ዝም ካለ ሥራ የተወ ይመስላል። የስልክ ጥሪ ሲስተሙ ወድቆ ደንበኛ ሲጉላላ ብቻ የሚደረግ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ተቀባዩ ሥራ እስኪገባ መቆየት ይችላል።

ቡድን የምትመሩ ከሆነ ዛሬ ካላንደራችሁን ክፈቱና ሳምንታዊው ስብሰባ በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደተመዘገበ እዩ፤ ካያችሁም በኋላ የሚመቻቸው መሆኑን ሩቅ ያሉትን ጠይቋቸው።