ኢንስታግራም «ቆይተው ይሞክሩ» ሲል

አንዲት የልብስ ነጋዴ አዲስ የኢንስታግራም ገጽ ከፈተች እንበል። ደንበኛ ለማፍራት ማታ ቁጭ ብላ የሌላ ሱቅ ተከታዮችን እየተከታተለች ፎሎው ማድረግ ያዘች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቶውን ስታልፍ "Try Again Later" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ገጿ አልተዘጋም፤ ፎቶ መለጠፍም የሰው ማየትም ትችላለች። የተከለከለችው ፎሎው ማድረግን ብቻ ነው።

ኢንስታግራም የሚያየው ፍጥነቷን እንጂ ሐሳቧን አይደለም። ተከታይ የሚሸጡ ሮቦቶችም የሚሠሩት ልክ እንደዚሁ ነው፦ በብዛት ፎሎው ያደርጋሉ፣ ላይክ ያዘንባሉ፣ አንድ ዓይነት መልእክት ለማያውቁት ሁሉ ይልካሉ። ገጹ አዲስ ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬው ይጨምራል።

በሰዓት ስንት ይፈቀዳል? ኩባንያው የሚናገረው አንድ ሰው በጠቅላላው ከ7,500 በላይ መከተል እንደማይችል እንጂ የሰዓቱን ልክ አይደለም። ቢናገር ሮቦቶቹ ከልኩ ትንሽ ዝቅ ብለው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ «በሰዓት ይህን ያህል ይፈቀዳል» እየተባለ የሚዞረው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

የእገዳው ዕድሜም እንዲሁ በይፋ አልተቆረጠም። በተጠቃሚዎች ልምድ የመጀመሪያው ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ያው ድርጊት ከተደጋገመ ግን ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ወር ይደርሳል። መልእክቱ ራሱ የሚያበቃበትን ቀን የሚጽፍበት ጊዜም አለ። አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን አይፈታውም፤ እገዳው ያለው ስልኩ ላይ ሳይሆን አካውንቱ ላይ ነው። በየሰዓቱ «ተነሥቶልኝ ይሆን?» እያሉ መነካካትም አይረዳም። ነጋዴዋ ለሁለት ቀን ፎሎው ማድረጉን ትታ፣ ስትመለስ በቀን ጥቂት ሰው ብትከተል ይሻላታል።

ምንም ሳይነኩ የታገዱ ሰዎች ግን የሚከተሏቸውን ሰዎች ዝርዝር ይክፈቱ። የማያውቋቸው ስሞች ተደርድረው ካገኙ በስማቸው የሚሠራ ሌላ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ «ነፃ ተከታይ» ብሎ የይለፍ ቃል የተቀበለ አፕ ነው። የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ እገዳው ቢነሣም መመለሱ አይቀርም።

ቴሌግራም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ለማያውቋቸው ሰዎች ማስታወቂያ ሲልኩ ተቀባዮቹ «ስፓም» ብለው ካመለከቱ፣ ለአዲስ ሰው ቀድሞ መጻፍ ይከለከላል። @SpamBot ብለው ፈልገው /start ሲሉት እገዳ መኖር አለመኖሩን፣ ጊዜያዊ ከሆነም የሚነሣበትን ቀን ይነግራል። ቀድሞ ለጻፈልዎት ሰው መመለስ ግን አይከለከልም። እዚያም የምትሸጥ ከሆነ ነጋዴዋ ቻናሏ ላይ የተጠቃሚ ስሟን አስቀምጣ ደንበኞቿ እንዲጽፉላት ብታደርግ ሥራዋ አይቆምም።