የወርቅ ማህተም ምን ይነግረናል?

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዶ የራስ መኮንንን ድልድይ የተሻገረ ሰው ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ዘንድ ይደርሳል። ወደዚያ የሚሄደው ግን ገዢ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከለትን ሐብል ሊሸጥ ወይም ሊያስለውጥ የሚመጣም አለ። ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያየው መቆለፊያው ላይ ያለችውን ትንሽ ማህተም ነው።

ንጹህ ወርቅ 24 ካራት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ለጌጥ የሚሠራው ብርና መዳብ ተቀላቅሎበት ነው። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው ማለት ሲሆን፣ ይህም ከሺህ 750 እጅ ስለሚሆን ማህተሙ ብዙ ጊዜ 750 ይላል። በአሜሪካ የተለመደው 14 ካራት ደግሞ 585 ይባላል። ስለዚህ 10 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ሐብል ውስጥ 7.5 ግራም ንጹህ ወርቅ አለ፤ በ14 ካራቱ ግን 5.8 ግራም ገደማ ብቻ። ሁለቱም እውነተኛ ወርቅ ናቸው፤ ልዩነቱ ዋጋ ላይ ነው።

ከካራቱ ቁጥር አጠገብ «ጂ ኤፍ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ነገሩ ይለወጣል። ይህ ጎልድ ፊልድ የሚባለው ነው፤ በነሐስ ላይ የወርቅ ንጣፍ በሙቀትና በግፊት ተጣብቆበታል። በአሜሪካ ደንብ ንጣፉ ቢያንስ ከጠቅላላው ክብደት አንድ ሃያኛ መሆን አለበት። ከላይ ያልነው 10 ግራም ሐብል ባለ14 ካራት ጎልድ ፊልድ ቢሆን፣ ንጣፉ ግማሽ ግራም፣ በውስጡ ያለው ንጹህ ወርቅም 0.3 ግራም ያህል ነው። «ጂ ፒ» የተባለው ቅብ ደግሞ በኤሌክትሪክ የተነከረ ስስ ሽፋን ነው፤ ወርቁ ከግራም መቶኛ ብዙም አይበልጥም። ቅቡ በላብና በመፋተግ ቶሎ ይለቃል፤ ጎልድ ፊልድ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል።

ማህተም ግን ማንም ሊመታው የሚችል ነገር ነው። መቆለፊያው ወርቅ ሆኖ ሰንሰለቱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለዚህ ነው ባለሙያው ጌጡን በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈትጎ መስመሩ ላይ አሲድ የሚጨምረው። ለ18 ካራት የተዘጋጀው አሲድ የ14 ካራትን መስመር ያደበዝዘዋል ወይም ያጠፋዋል። ይሁንና ድንጋዩ የሚያነበው ላዩን ብቻ ስለሆነ ጎልድ ፊልድ በዚህ ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ስለዚህ በማይታይ ቦታ በሞረድ ጥቂት ይፈገፍጋል፤ ውስጡ ነሐስ ከሆነ ናይትሪክ አሲድ ሲነካው አረንጓዴ አረፋ ይወጣዋል።

ስትገዙ ካራቱና ግራሙ ደረሰኙ ላይ ተለይተው ይጻፉላችሁ። ስትሸጡ ደግሞ ሰንሰለቱም መቆለፊያውም ለየብቻ እንዲፈተሹ ጠይቁ።